የ180 ገጽ የአዋጭነት ጥናት ለቦርድ በ2 ገጽ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ?

የፕላን_ክፍሏ

ሰላም ናችሁ? ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ የወተት አምራቾች ዩኒየን የፕላን ባለሙያ ነኝ። በቀን 20,000 ሊትር ወተት የሚያቀነባብር ፋብሪካ ለመትከል አስበን አማካሪ ድርጅት አስጠንተን ነበር። ጥናቱ በ2015 መጨረሻ ተጠናቆ፣ በተለያየ ምክንያት መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ አሁን ወጣ። 180 ገጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ። ሥራ አስኪያጃችን "ለቦርዱ በ2 ገጽ አሳጥሪው" ብሎኛል። ቦርዱ 7 ሰው ነው። አብዛኞቹ ላም አርቢዎች ናቸው፤ አንዷ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ አንዱ ደግሞ የሒሳብ ሰው።

ከየምዕራፉ አንድ አንድ አንቀጽ እየወሰድኩ ማሳጠር ጀመርኩ። መግቢያ፣ ገበያ፣ ቴክኒክ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ፣ ፋይናንስ። 5 ገጽ ሆነ። አንብቤ ስጨርስ ፋብሪካው ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ለእኔም ግልጽ አይደለም።

ዋናዎቹ ቁጥሮች፦ ጠቅላላ ወጪ 150 ሚሊዮን ብር። በመጀመሪያው ዓመት በቀን 14,000 ሊትር ይመረታል፣ በዓመት 330 ቀን ይሠራል ይላል። ላለመክሰር በቀን 9,500 ሊትር ይበቃል። አሁን ከአባላት የምንሰበስበው 5,500 ሊትር ገደማ ነው። ምን ላውጣ፣ ምን ላስቀር?

ስሜ_ይቆየኝ

እህቴ ምን አደከመሽ? ጥናቱ መጀመሪያ ላይ አማካሪዎቹ ራሳቸው የጻፉት ማጠቃለያ አለ አይደል? እሱን ተርጉመሽ አቅርቢ። እነሱ ባለሙያ ናቸው፣ አንቺ ከጨመርሽ ከቀነስሽ ኃላፊነቱ አንቺ ላይ ይወድቃል። መሥሪያ ቤታችን ሁሌም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ጋሽ_ብድር

ስሜ_ይቆየኝ ስለ ኃላፊነቱ ያልከው ልክ ነው። የቀረው ግን አያስኬድም። ባንክ ቤት የፕሮጀክት ብድር ገምጋሚ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። የአማካሪ ማጠቃለያ የሚጻፈው ለእኛ ለአበዳሪዎቹ ነው። ፕሮጀክቱ ጥሩ መሆኑን ሊያሳምነን ነው የሚሞክረው። የቦርድ ማስታወሻ ጸሐፊው ሌላ ነው፤ ማኔጅመንቱ ነው። ማኔጅመንቱ ደግሞ ለቦርዱ የሚናገረው "ጥናቱን አይተነዋል፣ የምናምነው ይህን ነው፣ የምንጠራጠረው ይህን ነው፣ እናንተ ዛሬ የምትወስኑት ይህን ነው" ብሎ ነው።

ልጄ፣ ችግርሽ ከምዕራፎቹ መጀመርሽ ነው። ከውሳኔው ጀምሪ። የዚያን ቀን ቦርዱ እጁን አውጥቶ ምን ያጸድቃል? "ፋብሪካው ይሠራ" ነው? "ብድር ይጠየቅ" ነው? "ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ" ነው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ ማስታወሻ ናቸው። የዚህን ያህል ገንዘብ ደግሞ ቦርዱ ብቻውን አይጨርሰውም፤ የበላዩ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚገባውን የውሳኔ ሐሳብ መጀመሪያ ጻፊው። አንድ አረፍተ ነገር። ከዚያ እያንዳንዱን ምዕራፍ እያነሳሽ "ይህ ባይኖር ውሳኔው ይቀየራል?" ብለሽ ጠይቂ። የማይቀይር ከሆነ አንድ መስመር ይበቃዋል፣ ወይም ይውጣ። የአካባቢ ተጽዕኖው ለምሳሌ፣ ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ከተፈታና ፈቃዱ ችግር ከሌለበት አንድ መስመር ነው። ካልተፈታ ግን ወደ ፊት ይመጣል።

አንድ ጥያቄ፦ ማሽኑ በስንት የምንዛሪ ተመን ነው የተሰላው?

ሜሪላንድ_ነኝ

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞናል። የቤተ ክርስቲያናችን ቦርድ ሕንፃ ለመግዛት አስጠንቶ 90 ገጽ ቀረበልን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማንም አላነበበውም። አንድ ወንድም በአንድ ገጽ "በወር ይህን ያህል እንከፍላለን፣ አሁን የምንሰበስበው ይህን ያህል ነው፣ ልዩነቱ ይህ ነው" ብሎ ሲያመጣ ነው ክርክሩ የተጀመረው። ከዚያ በፊት ሁሉም ስለ መኪና ማቆሚያ ነበር የሚያወራው። እህቴ፣ ለብድር ማመልከቻ ከሆነ የምትፈልጊው ግን የባንኩን ፎርም ማየት ይሻልሻል።

የፕላን_ክፍሏ

ሜሪላንድ፣ ለባንክ አይደለም፣ ለራሳችን ቦርድ ነው። ግን "አሁን የምንሰበስበው እና ልዩነቱ" ያልከው ጠቅሞኛል።

ጋሼ፣ አሁን ፈልጌ አገኘሁት፤ ገጽ 131 ላይ ግርጌ ማስታወሻ ነው። ማሽኑ 1.2 ሚሊዮን ዶላር፣ በ55 ብር ተባዝቶ 66 ሚሊዮን። የተቀረው 84 ሚሊዮን ግንባታ፣ ተሽከርካሪ፣ የማቀዝቀዣ ጣቢያና የሥራ ማስኬጃ ነው።

ጋሽ_ብድር

ጠርጥሬ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የድሮ ጥናት ሁሉ እዚያ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ነው የሚሰበረው። ዛሬ ባንካችሁ ስንት ይላችኋል?

የፕላን_ክፍሏ

ለማሽን ግዢ ብለን ስንጠይቅ 130 አስቡት ብለውናል።

ኤክሴል_ነሽ

የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ልግባ። 1.2 ሚሊዮን ዶላር በ130 ሲባዛ 156 ሚሊዮን ብር ነው። ሌላው ምንም ሳይጨምር ጠቅላላው ከ150 ወደ 240 ሚሊዮን ሄደ። ሲሚንቶና ብረትም ባለበት አልቆመም፣ ግን እሱን ለጊዜው እንተወው።

አሁን የ9,500ዋን ሊትር እንያት፣ ምክንያቱም ቦርዱ የሚይዛት ቁጥር እሷ ናት። የዓመት ቋሚ ወጪና ከአንድ ሊትር የሚተርፈው ስንት ነው? የሚተርፈው ስል ከሽያጩ ላይ የወተት መግዣው፣ ማሸጊያው፣ መብራቱና ትራንስፖርቱ ከወጣ በኋላ ነው።

የፕላን_ክፍሏ

ቋሚ ወጪ በዓመት 44 ሚሊዮን። ከዚህ ውስጥ 24 ሚሊዮኑ ወለድና የእርጅና ቅናሽ ነው። ከአንድ ሊትር 14 ብር ይተርፋል ይላል።

ኤክሴል_ነሽ

ጥሩ። 14 በ330 ቀን 4,620 ብር ነው። 44 ሚሊዮንን ለዚያ ስታካፍይ 9,500 ሊትር ይመጣል። የእነሱ ቁጥር ተገኘ ማለት ነው።

ወለድና የእርጅና ቅናሽ ከኢንቨስትመንቱ ጋር አብሮ ያድጋል። 150ው 240 ሲሆን 24ቱ ወደ 38 ይሄዳል። ቋሚ ወጪው 58 ሚሊዮን። 14 ብሩ ባለበት ከቆየ ላለመክሰር በቀን 12,500 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ዛሬ ከምትሰበስቡት ከእጥፍ በላይ ነው።

ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። የወጪውን ዋጋ አድሰሽ የሽያጩን በ2015 ዋጋ ከተውሽው ጥናቱን ያለ አግባብ ትገድይዋለሽ። ወተትም ተወድዷል። ዛሬ ከሊትር 20 ብር የሚተርፍ ከሆነ ያው 58 ሚሊዮን በ8,800 ሊትር ይሸፈናል። ከጥናቱም ያነሰ ማለት ነው! ስለዚህ መልሱ በሁለቱም በኩል ሊወድቅ ይችላል። ደመወዝም አለ፣ እሱን አልነካሁም።

ስለዚህ ማስታወሻው ላይ የራስሽን አዲስ ትርፍ አትጻፊ። "በ55 ብር የተሰላ ነው፤ በ130 ኢንቨስትመንቱ 240 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የሽያጭና የወተት መግዣ ዋጋ ታድሶ እስኪሰላ ድረስ የጥናቱ የትርፍ ቁጥር ለውሳኔ አይሆንም" ማለት ይበቃል። ከዚያ አማካሪዎቹን ኤክሴሉን ጠይቂያቸው። ፒዲኤፍ ሳይሆን ቀመሩ ያለበትን ፋይል። አንድ ሕዋስ ላይ ምንዛሪውን ስትቀይሪ ታችኛው ትርፍ አብሮ ካልተቀየረ፣ ቁጥሩ በእጅ የተጻፈ ነው። እንደዚያ ዓይነት ብዙ አይቻለሁ።

ስሜ_ይቆየኝ

ለላም አርቢ ቦርድ ይህን ሁሉ ልታስረዱ ነው? አይአርአርና ኤንፒቪ ብትሏቸው ይተኛሉ።

ቦርድ_ላይ_ያለሁ

ወንድም፣ እኔ ላም አርቢም ነኝ፣ የሌላ ዩኒየን የቦርድ አባልም ነኝ። አንተኛም። አይአርአር ባናውቅ ወተት እናውቃለን። 14,000 ሊትር የሚል ካየሁ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ከማን ላም?" የሚል ነው። አባላቱ ዛሬ 5,500 ያመጣሉ። የቀረው ከየት ይመጣል? መኖ ሊረክስ ነው? አባል ያልሆነ ነጋዴ የሚገዛውን ልንነጥቅ ነው? ነጋዴው እኮ ጠዋት በር ላይ ጥሬ ብር ይሰጣል፣ ዩኒየን ግን በ15 ቀን ነው የሚከፍለው። ጥናቱ ይህን ካላየ 14,000ው ምኞት ነው።

ሁለተኛ ጥያቄዬ ጾም ነው። 330 ቀን ይሠራል ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ላሟ ግን አትጾምም። በጾም ወተቱ ይመጣል፣ ገዢው የለም። እኛ ጋ በሁዳዴ ከየጣቢያው ወተት ሲመለስ አይቻለሁ። የዚህችን ልጅ ጥናት አላነበብኩም፣ ግን በሁዳዴ ወተቱን ምን እናድርገው የሚለውን የማይመልስ ማስታወሻ ቢመጣልኝ እጄን አላወጣም።

የፕላን_ክፍሏ

ጋሼ፣ "ጾም" የሚለውን በእንግሊዝኛ ፈልጌ አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁት። የገበያው ምዕራፍ ላይ "ወቅታዊ የፍላጎት መለዋወጥ ይጠበቃል" ይላል። ፋይናንሱ ውስጥ ግን የለም። ሽያጩ ለ12ቱም ወር እኩል ነው የተከፋፈለው።

ቢዝነስ_ፕላን_ቤት

ሰላም፣ ለወተት ፋብሪካ የተዘጋጀ የቢዝነስ ፕላን አለን፣ በቅናሽ። ለጾሙም መፍትሔ አለ፦ ዱቄት ወተት ማድረግ ነው። ኢምፖርትም ይተካል። በውስጥ መስመር ያናግሩን።

ጋሽ_ብድር

ወዳጄ፣ አንድ ኪሎ ዱቄት 8 ሊትር ያህል ወተት ይበላል። ማድረቂያው ማማ ብቻውን የዚህችን ልጅ ፋብሪካ ያህል ሊያስወጣ ይችላል፤ ነዳጅና መብራቱም ከባድ ነው። በዓመት ለጥቂት ወራት ትርፍ ወተት ብሎ ማድረቂያ የሚተክል የለም። 20,000 ሊትር ደግሞ ለዚያ ትንሽ ነው።

ለዚህ መጠን የሚቀርበው ቅቤ ነው። ቅቤ በቅዝቃዜ ይቀመጣል፣ ለፋሲካ ገበያው ይደርሳል። ግን ለአንድ ኪሎ ከ20 ሊትር ያላነሰ ወተት ይፈልጋል። ከሊትር የሚተርፈው ያው 14 ብር ይሆናል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ፓስቸራይዝድ ወተት ብቻ ለመሸጥ ከሆነ ያሰቡት፣ በፍሪጅም ከሳምንት ብዙ ስለማያልፍ ጾሙን አይሻገርም። ረጅም ዕድሜ ያለው ወተት የሚያሽገው መስመር ደግሞ ሌላ ማሽን ነው፣ ሌላ ዋጋ ነው። እዚህ ጥናት ውስጥ የተገመተው የትኛው ነው?

የፕላን_ክፍሏ

ፓስቸራይዝድ፣ እርጎና ትንሽ ቅቤ።

ጋሽ_ብድር

በቃ፣ ማስታወሻሽ ተገኘ። ሦስት ነገር ላይ ነው የቆመው፦ የወተት መጠን፣ ጾም፣ ምንዛሪ። የገጽ 1 መጀመሪያ እንዲህ ቢሆን፦

"ለቦርዱ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ፦ ጥናቱ ከዚህ በታች በተገለጹት ሦስት ጉዳዮች ላይ እንዲታደስ፤ እስከዚያ የማሽን ግዢም ሆነ የብድር ማመልከቻ እንዳይጀመር፤ የታደሰው ቀርቦ ከታየ በኋላ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ መቅረቡ እንዲወሰን።

ጥናቱ ፋብሪካው አዋጭ ነው ይላል (ገጽ …)። ይህ ድምዳሜ የሚጸናው በቀን 14,000 ሊትር ወተት ከተገኘ፣ ሽያጩ በጾም ካልቀነሰ እና 1 ዶላር 55 ብር ከሆነ ነው። የመጀመሪያው ገና አልተረጋገጠም፤ ዛሬ የምንሰበስበው 5,500 ሊትር ነው። ሁለተኛው በጥናቱ ስሌት ውስጥ አልታየም። ሦስተኛው ተለውጧል።"

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ። የጥናቱን ገጽ ቁጥር ከየቁጥሩ ጎን አስቀምጪ፤ የሒሳቡ ሰውዬ ሄዶ ያየዋል። አንቺ ያሰላሽውንና ጥናቱ ያለውን ለይተሽ አስቀምጪ። "ጥናቱ እንደሚለው" እና "በማኔጅመንቱ ስሌት" የሚሉት እንዳይደባለቁ። የስሜ_ይቆየኝ የኃላፊነት ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው።

"ይጠበቃል" የሚለውን ቃል ደግሞ እያደንሽ አውጪው። ጥናቱ "የአባላት አቅርቦት እንደሚያድግ ይጠበቃል" ካለ፣ ማን ነው የሚጠብቀው? በምን? "ጥናቱ አቅርቦት በመጀመሪያው ዓመት ወደ 14,000 ያድጋል ብሎ ወስዷል፤ እንዴት እንደሚያድግ አላስቀመጠም" ብለሽ ጻፊው። ያኔ ቦርድ_ላይ_ያለሁ የጠየቀውን ጥያቄ ሰባቱም ይጠይቁታል።

ኤክሴል_ነሽ

በጋሼ ረቂቅ ላይ አንድ ነገር አልስማማም። የማኔጅመንት ማስታወሻ "አይጀመር" ማለት አለበት? ቦርዱ ነው የሚወስነው። ሁለት አማራጭ አቅርቦ ቦርዱ ይምረጥ። አንደኛው ይታደስ፣ ሁለተኛው በ10,000 ሊትር ፋብሪካ ይጀመርና ይስፋ። ሁለተኛው ጥናቱ ውስጥ ካለ።

ጋሽ_ብድር

ምክረ ሐሳብ የሌለው ማስታወሻ ቦርዱን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ማኔጅመንቱ አቋሙን ይናገር፣ ቦርዱ ይቃወመው። አማራጭ ማቅረብ ጥሩ ነው፣ ግን "የእኛ ምርጫ ይህ ነው" ሳይሉ ከሆነ ከኋላ ሲበላሽ "እናንተ መረጣችሁ" ለማለት ነው።

ኤክሴል_ነሽ

ወይም ሥራ አስኪያጁ የሚፈልገውን ብቻ በቦርዱ አፍ ለማስወሰን። ይህንንም አይቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ ፋብሪካውን የሚፈልገው ከሆነ ይህች ልጅ "አይጀመር" ብላ ጽፋ ትቀርባለች?

የፕላን_ክፍሏ

እሱ እውነት ነው፣ ሥራ አስኪያጁ በጣም ይፈልገዋል። የ10,000 ሊትሩ አማራጭ ጥናቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፣ ቁጥር የለውም። ስለዚህ እንደ አማራጭ ልጽፈው አልችልም፣ ግን ሲታደስ እንዲሰላ ልጠይቅ እችላለሁ።

ቦርድ_ላይ_ያለሁ

ልጄ፣ "አይጀመር" የሚለው ካስቸገረሽ "እስኪታደስ ይቆይ" በይው። ለእኛ ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ፊት ግን ይለያያል።

ሌላው ደግሞ፣ ማስታወሻውን ስብሰባው ላይ አታድይን። ከሳምንት በፊት ይድረሰን። እኔ ለጎረቤቴ አንብቤለት፣ ከእሱ ጋር ተከራክሬ ነው የምመጣው። 180 ገጹም ቢሮ ይቀመጥ፣ የፈለገ ያየዋል።

ሜሪላንድ_ነኝ

ማደሱን ግን ማን ነው የሚከፍለው? አማካሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው አስረክበዋል። እኛ ጋ ለማሻሻያ ሌላ ክፍያ ነው የጠየቁን።

የፕላን_ክፍሏ

ውሉን አየሁት። የመጨረሻው 20 በመቶ ክፍያ አልተለቀቀም። ውሉ "ቦርዱ ጥናቱን ሲቀበል" ይከፈላል ይላል። ቦርዱ እስካሁን አልተቀበለም።

ኤክሴል_ነሽ

ታዲያ ማስታወሻሽ ላይ ይህን አንድ መስመር ጨምሪ። ቦርዱ ጥናቱን "ቀርቦልናል" ይበል እንጂ "ተቀብለናል" ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳያስገባ። ያቺ ቃል ከገባች ክፍያው ተለቀቀ ማለት ነው። የጾሙን ስሌት ውሉ ውስጥ ካለው የገበያ ትንተና ሥር ጠይቂያቸው፤ እሱ የእነሱ ጉድለት ነው። የምንዛሪው ግን ከእነሱ በኋላ የመጣ ነው፣ ለእሱ ተጨማሪ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም።

ጋሽ_ብድር

እሱም ቢሆን ኤክሴሉ በትክክል ከተሠራ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ብዙ ከጠየቁሽ ፋይሉ ተቀብለሽ ይህ ኤክሴል_ነሽ የሚባል ሰው ይሥራልሽ።

ኤክሴል_ነሽ

ሰው እንጂ ወንድ መሆኔን ማን ነገረዎት ጋሼ? 🙂 ላኪልኝ እህቴ፣ መጀመሪያ የወተት መግዣውን የዛሬ ዋጋ ከየጣቢያው ሰብስቢ። ያለ እሱ 14ቱም 20ውም ግምት ነው።

የፕላን_ክፍሏ

እሺ። ከአራት ጣቢያ ዋጋ አለኝ፣ የሁለቱን ነገ እጠይቃለሁ። ለአማካሪዎቹ የኤክሴል ጥያቄውን ዛሬ ጻፍኩላቸው። ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን አይቶ "ይቆይ" የሚለውን "በትይዩ ይሂድ" ብሎ አርሞታል። ያንን እንዴት እንደምመልሰው አላወቅኩም። ሐሳብ ያለው ካለ…

ቦርድ_ላይ_ያለሁ

"በትይዩ" ማለት ማሽኑ ይታዘዝ ማለት ነው? ለማሽኑ ቅድመ ክፍያ ስንት እንደሆነና ቢቀር የማይመለሰው ስንት እንደሆነ ጠይቂው። መልሱን በዚያው አንቀጽ ውስጥ በቁጥር አስገቢው።